ሞል፦ የማይቆጠረውን በሚዛን መቁጠር (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ኬሚስትሪ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ሞል ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። አብዛኞቹን መልሶች ለመከተል አንድ እፍኝ ሽምብራ፣ አንድ እፍኝ ምስርና የወጥ ቤት ሚዛን ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ባይኖራችሁም በሐሳብ መከተል ይቻላል።

## ሞል ቁጥር ነው ወይስ ክብደት?

ቁጥር ነው። አንድ ሞል ሲባል 6.022×10²³ ቅንጣቶች ማለት ነው። ቅንጣቶቹ አቶሞች፣ ሞለኪውሎች፣ አዮኖች ወይም ኤሌክትሮኖች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቁጥሩ ግን አይለወጥም።

ግራሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ የምንቆጥረው ነገር ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። አንድ ሞል ካርቦን 12 ግራም፣ አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም፣ አንድ ሞል ብረት ደግሞ 56 ግራም ያህል ይመዝናል። ሦስቱም ውስጥ ያለው የቅንጣት ብዛት እኩል ነው፤ የሚለያየው የእያንዳንዱ ቅንጣት ክብደት ነው። ብዙ ተማሪ የሚደናገረው ክፍል ውስጥ ሞልን ሁልጊዜ በግራም በኩል ስለሚያገኘው ነው፤ ጥያቄው በግራም ይጀምራል፣ በግራም ያልቃል፣ መካከል ላይ ያለው ቁጥር መሆኑ ይረሳል።

## ታዲያ እንደ ደርዘን ነው ማለት ነው?

መጽሐፉም መምህሩም የሚጀምሩት ከደርዘን ነው። አንድ ደርዘን ደብተር 12፣ አንድ ደርዘን እርሳስም 12 ነው፤ ሞልም እንዲሁ የአንድ ቁጥር ስም ነው። ይህ ልክ ነው። እኔ ግን የደርዘን ምሳሌ ግማሽ መንገድ ብቻ አድርሶ ይጥለናል ባይ ነኝ። ደርዘን ደብተር አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር ይቻላል፤ ሞልን አንድ፣ ሁለት ብሎ የቆጠረ የለም፣ ወደፊትም አይኖርም። ተማሪው በልቡ የሚጠይቀው «ካልቆጠሩት በምን አወቁት?» የሚለውን ነው፤ ለዚህ ደርዘን መልስ የለውም።

መልሱ ሚዛን ላይ ነው። 300 ፍሬ ሽምብራ ቆጥራችሁ መዝኑ፤ ከዚያ 300 ፍሬ ምስር ቆጥራችሁ መዝኑ። ለእያንዳንዱ 100 ፍሬ ብቻ ብትቆጥሩ ምስሩ በጣም ስለሚቀልል 1 ግራም ድረስ ብቻ የሚያነብ የቤት ሚዛን በደንብ አይለየውም። እንደ እህሉ ዓይነት ቢለያይም፣ ሽምብራው 36 ግራም፣ ምስሩ 9 ግራም አካባቢ ወጣ እንበል። ስለዚህ አንድ ሽምብራ የአንድ ምስር አራት እጥፍ ይመዝናል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ መቁጠር አያስፈልግም። የፍሬያቸው ብዛት እኩል የሆነ ሽምብራና ምስር የሚፈልግ ሰው 4 ለ 1 አድርጎ መመዘን ብቻ ይበቃዋል። 4 ኪሎ ሽምብራ ካለው 1 ኪሎ ምስር ያመጣል፤ 1.2 ኪሎ ሽምብራ ካለው 300 ግራም ምስር ያመጣል። ልብ በሉ፣ ስንት ፍሬ እንደሆነ ባያውቅ እንኳ እኩል መሆናቸውን ያውቃል። የሞል ሐሳብ ሥሩ ይኸው ነው። ኬሚስቶች ለብዙ ዘመን የሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ስንት እንደሆነ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

## ሽምብራውና ምስሩ ከአቶም ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ፔሪዮዲክ ቴብል ላይ ከእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ጋር የተጻፈው የአቶም ክብደት በመሠረቱ የንጽጽር ቁጥር ነው፤ ልክ እንደ 4 ለ 1። ካርቦን 12፣ ድኝ (ሰልፈር) 32፣ ብረት 56 ይላል። ይህ ማለት አንድ የብረት አቶም 56 ሲመዝን፣ በዚያው መለኪያ አንድ የድኝ አቶም 32 ይመዝናል፣ አንድ የካርቦን አቶም ደግሞ 12 ይመዝናል ማለት ነው።

እንግዲህ ካርቦን 12 ግራም፣ ድኝ 32 ግራም፣ ብረት 56 ግራም አድርገን ብንመዝን በሦስቱ ክምር ውስጥ ያሉት አቶሞች እኩል ይሆናሉ። ምክንያቱ ሽምብራው ላይ ያየነው ራሱ ነው፤ ክምሮቹን የመዘንናቸው ፍሬዎቹ በሚመዝኑበት ንጽጽር ስለሆነ ነው። ያንን እኩል ብዛት አንድ ሞል እንለዋለን። የአንድ ሞል ክብደት በግራም ሲነገር ደግሞ ሞላር ማስ ይባላል፤ የብረት ሞላር ማስ 56 ግራም በሞል ነው።

ምሳሌው የሚሰበርበትን ቦታም ማወቅ ይጠቅማል። ሽምብራ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ትልቅም ትንሽም አለ፣ ስለዚህ በሚዛን ስንቆጥረው ሁልጊዜ ጥቂት እንሳሳታለን። የአንድ ዓይነት አይሶቶፕ አቶሞች ግን ክብደታቸው ፍጹም እኩል ነው። በዚህ ረገድ በሚዛን መቁጠር ከእህል ይልቅ ለአቶም የተሻለ ይሠራል።

## ቁጥሩ ለምን 6.022×10²³ ሆነ? ክብ ቁጥር አይመረጥም ነበር?

የመጀመሪያ ውሳኔው የተወሰነው በቁጥር ስላልነበረ ነው። «በ12 ግራም ሽምብራ ውስጥ ያለው ፍሬ ሁሉ አንድ ቁና ይባል» ብለን ብንስማማ፣ ፍሬው 100 ይሁን 97 እህሉ ራሱ ይወስነዋል እንጂ እኛ አንመርጠውም። የሞልም ነገር እንዲሁ ነበር። ከ1971 ጀምሮ የነበረው ዓለም አቀፍ ትርጉም አንድ ሞል ማለት በ12 ግራም ካርቦን-12 ውስጥ ያሉ አቶሞችን የሚያህል ብዛት ነው ይል ነበር። ግራም ደግሞ ስለ አቶም ሳያስቡ የተፈጠረ መለኪያ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የወጣው ቁጥር ክብ አልሆነም።

ከሜይ 20 ቀን 2019 ወዲህ ትርጉሙ ተገልብጧል። አሁን ቁጥሩ ነው በቀጥታ የተወሰነው፤ አንድ ሞል ልክ 6.02214076×10²³ ቅንጣቶች ነው። 12 ግራም ካርቦን-12 አሁንም አንድ ሞል ነው ብሎ መሥራት ይቻላል፤ ልዩነት ቢኖር እንኳ የትምህርት ቤት ሚዛን ቀርቶ እጅግ የረቀቀ ሚዛንም አያየውም። ለፈተና 6.02×10²³ ይበቃል።

## እሺ፣ ግን ይህ ቁጥር ምን ያህል ትልቅ ነው?

በጤፍ እንየው። አንድ ሺህ ፍሬ ጤፍ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚህ ሒሳብ በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ፤ በአንድ ኩንታል ውስጥ 330 ሚሊዮን ያህል። ብዙ መስሎናል። አንድ ሞል ፍሬ ጤፍ ለመሙላት ግን 1,800 ትሪሊዮን ኩንታል ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የጤፍ ምርት በዓመት 60 ሚሊዮን ኩንታል ነው ብለን ብንይዝ፣ አንድም ፍሬ ሳይበላ ለ30 ሚሊዮን ዓመት ማከማቸት ሊኖርብን ነው። ያ ሁሉ ጤፍ በኢትዮጵያ መሬት ላይ እኩል ቢዘረጋ ከዳር እስከ ዳር 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ይኖረዋል።

አሁን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት የሚያልፍ ውሃ ቅዱ። 18 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 18 ግራም ነው። የውሃ ሞለኪውሎቹ ብዛት ከዚያ ሁሉ ጤፍ ፍሬ ጋር እኩል ነው።

ብዙ ተማሪ የጤፉን ክምር አስቦ ይደነግጥና እዚያው ይቆማል። ቁጥሩ ስለ ክምር ትልቅነት የሚነግረን ነገር የለም፤ የሚነግረን ስለ ፍሬው ትንሽነት ነው። አንድ የካርቦን አቶም 2×10⁻²³ ግራም ይመዝናል። ሚዛን ላይ የሚታይ ነገር እስኪሆን ድረስ በዚህ ያህል ብዛት መከማቸት ግድ ነው። ሞል ለጤፍም ለሽምብራም የማይረባው፣ ለአቶም ግን በማንኪያ የሚለካው ለዚህ ነው።

## ማንም ካልቆጠረው ቁጥሩ በምን ታወቀ?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ቁጥሩ በአሜዴዮ አቮጋድሮ ስም ቢጠራም፣ አቮጋድሮ ቁጥሩን አያውቀውም ነበር። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት በ1811 ያቀረበው ሐሳብ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆኑ ጋዞች በእኩል ቦታ ውስጥ እኩል ሞለኪውል ይይዛሉ የሚል ነው። ስንት ሞለኪውል የሚለውን አልተናገረም፤ በ1856 ሲሞትም አልታወቀም። የመጀመሪያውን ግምት የሠራው ኦስትሪያዊው ዮሃን ሎሽሚት በ1865 ነው። በአቮጋድሮ ስም ይጠራ ያለው ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ፔሪን ነው፣ በ1909።

የፔሪን ሥራ ከሽምብራው ጋር ይዛመዳል። እሱ በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ጥቃቅን የሙጫ እንክብሎችን ውሃ ውስጥ በትኖ፣ በተለያየ ከፍታ ላይ ስንት እንደሚገኙ ቆጠረ። ከታች ብዙ ናቸው፣ ወደ ላይ ሲኬድ ይሳሳሉ። አየርም እንዲሁ ነው፤ ተራራ ላይ ይሳሳል። ልዩነቱ ኦክስጅን በግማሽ ለመሳሳት 5 ኪሎ ሜትር ያህል መውጣት ሲያስፈልገው፣ የፔሪን እንክብሎች ግን እጅግ ከባድ ስለሆኑ የሚሊ ሜትር ሽራፊ በሆነ ከፍታ ውስጥ በግማሽ መሳሳታቸው ነው። የሁለቱ ከፍታዎች ንጽጽር የእንክብሉንና የሞለኪውሉን ክብደት ንጽጽር ይሰጣል። የእንክብሉን ክብደት ያውቀው ስለነበር የሞለኪውሉን አገኘ፤ ከዚያ ቁጥሩን። ያገኘው ወደ 7×10²³ የሚጠጋ ነበር፤ በጊዜው መሣሪያ በጣም ቅርብ ነው። በ1926 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ዛሬ የሚሠራበት መንገድ ደግሞ ሒሳቡ እናንተም የምትሠሩት ነው። የሲሊከን ክሪስታል አቶሞቹ በሥርዓት የተደረደሩ ናቸው፤ እንደ ሳጥን ክምር ብትቆጥሩት በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ 8 አቶም ይደርሳል። የሳጥኑ ጎን በኤክስሬይ ሲለካ 0.5431 ናኖሜትር ነው፣ ስለዚህ ይዘቱ 1.602×10⁻²² ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ሞል ሲሊከን 28.09 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 2.329 ግራም ነው፤ ስለዚህ አንድ ሞል 12.06 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቦታ ይይዛል። አካፍሉት፦

```
12.06 ÷ (1.602×10⁻²²) = 7.53×10²²
7.53×10²² × 8 = 6.02×10²³
```

ከ2019ኙ ለውጥ በፊት የነበረው ትልቅ ልኬት ይህንኑ ሒሳብ 1 ኪሎ ያህል በሚመዝኑና የጽዋ አፍ በሚያህሉ የሲሊከን ሉሎች ላይ እጅግ አጥርቶ የሠራ ነበር። ሉሎቹ ከሞላ ጎደል ከሲሊከን-28 ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ክብደታቸው የተለያየ አቶሞች ከተቀላቀሉ ንጽጽሩ ይደፈርሳልና።

## ይህ ሁሉ ላብራቶሪ ውስጥ ምን ይጠቅመኛል?

ብረትና ድኝ የማዋሃድ ሙከራን እንውሰድ። ብዙ መጽሐፍ 7 ግራም የብረት ብናኝና 4 ግራም የድኝ ዱቄት ቀላቅሉ ይላል። ለምን 7 እና 4? ለምን 5 እና 5 አይሆንም? ተማሪው ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ የታዘዘውን መዝኖ ይሠራል።

እኩልታው Fe + S → FeS ነው። አንድ የብረት አቶም አንድ የድኝ አቶም ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገን እኩል ብዛት ነው። አንድ የብረት አቶም 56፣ አንድ የድኝ አቶም 32 ስለሚመዝን፣ እኩል ብዛት ለማግኘት 56 ለ 32 መመዘን አለብን። 56 እና 32ን ለ8 ብናካፍል 7 እና 4 ይሆናሉ። መጽሐፉ ያደረገው ይህንን ነው። በሞል ብትሠሩትም 7 ግራም ለ56 ሲካፈል 0.125 ሞል ብረት፣ 4 ግራም ለ32 ሲካፈል 0.125 ሞል ድኝ ይሆናል። በእያንዳንዱ ክምር ውስጥ 7.5×10²² አቶም አለ ማለት ነው። ምርቱ 11 ግራም ብረት ሰልፋይድ ይሆናል።

አሁን አንድ ቡድን ትእዛዙን ሳያነብ 5.5 ግራም ብረትና 5.5 ግራም ድኝ ቀላቀለ እንበል። ሚዛኑ ላይ እኩል ናቸው። አቶሞቹ ግን እኩል አይደሉም፤ ብረቱ 0.098 ሞል ሲሆን ድኙ 0.172 ሞል ነው። ብረቱ ቀድሞ ያልቃል፣ 0.074 ሞል ድኝ ይተርፋል። ወደ ግራም ስንመልሰው 2.4 ግራም ገደማ ነው። ከመዘኑት ድኝ ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆነው ጥንድ አላገኘም።

ይህ በዓይን ይታያል። ልክ የተመዘነው ድብልቅ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ሲሞቅ አንድ ቦታ ላይ ይፍምና፣ እሳቱ ከተነሣ በኋላ እንኳ ፍሙ በራሱ ወደ ውስጥ ይቀጥላል፤ ሲቀዘቅዝ ጥቁር ግራጫ ጠጣር ይቀራል። ድኝ የበዛበት ከሆነ ትርፉ ድኝ ተንኖ በቱቦው ቀዝቃዛ ክፍል ላይ ቢጫ ሆኖ ይለጠፋል፣ አየር ካገኘም በሰማያዊ ነበልባል እየነደደ የሚያፍን ሽታ ይሰጣል። ብረት የበዛበት ከሆነ ደግሞ የተፈጨው ምርት ላይ ማግኔት ስታስጠጉ ትርፉ ብረት ይነሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ልክ በተመዘነው ድብልቅም ቢሆን ማግኔቱ ጥቂት ብናኝ ሊያነሳ ይችላል። ይህ የሚሆነው ብናኙ ጠጠር ካለ ወይም ቅልቅሉ ካልተዳረሰ አንዳንድ ብረት ድኝ ሳይነካው ስለሚቀር ነው እንጂ የሞል ሒሳቡ ተሳስቶ አይደለም።

ሙከራው ጭሱን የሚያወጣ ቦታ ላይ፣ መምህር ባለበት፣ በጥቂት መጠንና የቱቦው አፍ በማዕድን ሱፍ ተደፍኖ ይሠራ። ምርቱ ላይ አሲድ አታፍሱበት፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መርዛማ ነው።

## መቼ ላካፍል፣ መቼ ላባዛ?

ቀመሩን በቃል ከመያዝ ይልቅ ሽምብራውን አስታውሱ። 36 ግራም ሽምብራ አለ፣ 100 ፍሬው 12 ግራም ይመዝናል፤ ስንት መቶ አለ? ማንም ሳያስብ 3 ይላል። ያደረገው 36ን ለ12 ማካፈል ነው። ግራም ሲሰጣችሁና ሞል ስትፈልጉ የምታደርጉት ይኸው ነው፤ ያላችሁን ግራም ለአንድ ሞል ክብደት ታካፍላላችሁ። ሞል ተሰጥቷችሁ ግራም ስትፈልጉ ታባዛላችሁ። ሞልን ወደ ፍሬ ለመለወጥም በ6.02×10²³ ማባዛት ነው፣ ስንት መቶ እንዳለ ካወቅን በ100 እንደምናባዛው።

መልሳችሁን በስሜት ፈትሹት። የአንድ አቶም ክብደት ተጠይቃችሁ 10²³ የሚል ነገር ካለበት ግራም ከወጣ፣ ማካፈል ሲገባችሁ አባዝታችኋል። በ5 ግራም ብረት ውስጥ ስንት አቶም አለ ተብላችሁ መልሱ ከ1 ካነሰም እንዲሁ አንድ ቦታ ላይ ተገልብጧል።

## አንድ ሞል ኦክስጅን 16 ግራም ነው 32?

ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው፤ የምኑ ሞል? የኦክስጅን አቶም (O) ከሆነ 16 ግራም፣ የኦክስጅን ሞለኪውል (O₂) ከሆነ 32 ግራም ነው። እህሉን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ላሰረ ሰው አንድ መቶ ፍሬና አንድ መቶ ጥንድ እኩል እንደማይመዝኑት ማለት ነው። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ሁለት ሁለት እየሆነ የተጣመረ ስለሆነ «ኦክስጅን ጋዝ» ከተባለ 32 ያዙ። ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅንና ክሎሪን ጋዞችም ጥንድ ናቸው።

ከላይ ያነሳነው ድኝም ጠጣር ሆኖ ሲቀመጥ አቶሞቹ ስምንት ስምንት እየሆኑ ቀለበት ሠርተው ነው። 32 ግራም ድኝ አንድ ሞል የድኝ አቶም ሲሆን፣ የS₈ ሞለኪውል ግን አንድ ስምንተኛ ሞል ብቻ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ስለዚህ «ሞል» ብላችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ምልክቱን ሳትጽፉ አትለፉ። በፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ሒሳቡ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው።

## ክሎሪን 35.5 ነው ይባላል፤ ግማሽ ቅንጣት ያለው አቶም አለ እንዴ?

የለም። 35.5 የሚመዝን አንድም የክሎሪን አቶም የለም። በተፈጥሮ ከሚገኘው ክሎሪን ከአራቱ ሦስቱ ያህል ክሎሪን-35፣ አንዱ ክሎሪን-37 ነው። ሦስት ጊዜ 35 ሲደመር 37፣ ለአራት ሲካፈል 35.5 ይሆናል። በሚዛን ለመቁጠር አማካዩ ይበቃል፤ የምንመዝነው በብዛት ነውና።

## 22.4 ሊትር የሚባለው ከየት መጣ? አዲስ አበባም ይሠራል?

ሽምብራና ምስር እዚህ ላይ አያግዙንም። አንድ ሺህ ሽምብራ ከአንድ ሺህ ምስር የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ጋዝ ግን እንደዚያ አይደለም። በጋዝ ውስጥ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ በጣም ስለሚራራቁ፣ የሚይዙትን ቦታ የሚወስነው የሞለኪውሉ ትልቅነት ሳይሆን ብዛታቸው፣ ሙቀቱና ግፊቱ ነው። አቮጋድሮ በ1811 ያለውም ይህንን ነው። በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ1 አትሞስፌር ግፊት አንድ ሞል ማንኛውም ጋዝ 22.4 ሊትር ያህል ይይዛል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 0.76 አትሞስፌር ይወርዳል፤ ክፍሉም ዜሮ ሳይሆን 20 ዲግሪ ነው እንበል። በሙቀቱ ምክንያት 22.4ን በ293/273 እናባዛለን፣ በግፊቱ ምክንያት ለ0.76 እናካፍላለን፤ 31.6 ሊትር ይወጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ውስጥ ጋዝ ሰብስቦ በ22.4 ያካፈለ ተማሪ የሞሉን ብዛት ከእውነተኛው በ40 በመቶ ገደማ አብልጦ ያገኛል። ሞለኪውሎቹ አልጨመሩም፤ ተራርቀው ነው። በፈተና ወረቀት ላይ «በኤስቲፒ»፣ ማለትም በዜሮ ዲግሪና በ1 አትሞስፌር፣ የሚል ካለ ብቻ 22.4ን ተጠቀሙ።

## ሒሳቡን ልክ ሠርቼ ካልኩሌተሩ የተሳሳተ መልስ የሚሰጠኝ ለምንድን ነው?

ሁለት ቦታ ተመልከቱ። አንደኛው `EXP` ወይም `×10ˣ` የሚለው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ራሱ «በ10 ተባዝቶ» ማለት ስለሆነ ከፊቱ 10 መጻፍ አያስፈልግም። 6.02 × 10 ብሎ ቁልፉን ተጭኖ 23 የጻፈ ሰው 6.02×10²⁴ አስገብቷል፤ መልሱ አሥር እጥፍ ይዛባል።

ሁለተኛው ቅንፍ ነው። 3.01×10²³ አቶም ስንት ሞል ነው ተብላችሁ ቁልፉን ሳትጠቀሙ እንዲህ ብታስገቡ፦

```
3.01 × 10^23 ÷ 6.02 × 10^23
```

ካልኩሌተሩ በ6.02 ካካፈለ በኋላ በ10²³ መልሶ ያባዛዋል፤ 5×10⁴⁵ ይላችኋል። የታችኛውን በቅንፍ እሠሩት፦

```
3.01 × 10^23 ÷ (6.02 × 10^23) = 0.5
```

ግማሽ ሞል ነው። ይህን ያህል ቀላል ቁጥር ሲሆን 3.01 የ6.02 ግማሽ መሆኑን አይቶ ካልኩሌተሩን ጨርሶ አለመንካት ይሻላል።